ከዘይቱ በፊት ክዳኑ ይቅረብ

«ዘይት ሲነድ ውሃ አትድፉበት ትላላችሁ። ታዲያ በምን እናጥፋው?» ይህን የጠየቀችኝ ደሴ ውስጥ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ እናት ናት።

በክዳን። ከመጥበሻው አፍ ሰፋ ያለ የብረት ክዳን፣ ከሰሉ ሳይቀጣጠል በፊት እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። በረመዳን አመሻሽ ላይ በደሴ መንገዶች ያለፈ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው ሌላ ነው። ከመጥበሻው ጎን የውሃ ጀሪካን አለ፣ ክዳን የለም። ይህ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ክዳኑ ይቅረብ፣ ጀሪካኑ ራቅ ይበል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከመፈናጠሩ እንጀምር። ዘይትን የሚያፈናጥረው ውሃ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ጠብታዋ ወደ ታች ትሰምጣለች። ሳምቡሳ የሚጠበስበት ዘይት ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ይግላል። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል 94 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ጠብታዋ በቅጽበት እንፋሎት ትሆናለች፤ ይዘቷም ከ1,500 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ያ እንፋሎት ወደ ላይ ሲወጣ ከላዩ ያለውን ዘይት ይዞ ይወጣል። ክንዳችንን የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ሳምቡሳ ላይ ውሃው የሚደበቀው ምስሩ ውስጥ ነው። ምስሩ ተቀቅሎ በደንብ ካልጠነፈፈ፣ ወይም ገና ትኩስ ሆኖ ከተሞላ፣ ሊጡን ከውስጥ ያረጥበዋል። ዘይት ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ጠርዙ በደንብ ካልተለጠፈ በዚያ በኩል ይፈነዳል፣ ምስሩም ዘይቱ ውስጥ ይበተናል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ዝም አይልም። መድኃኒቱ ከመጥበሱ በፊት ነው ያለው። ምስሩ ውሃውን እስኪጨርስ እሳት ላይ ይቆይ። ሰፋ ባለ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ። ሊጡ ከልክ በላይ አይሞላ፣ ጠርዙም በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ተለጥፎ ትንሽ ይድረቅ። ከሐይቅ የመጣ ዓሣም እንደዚሁ ነው። ታጥቦ ወዲያው ዘይት ውስጥ ከገባ ይንጣጣል፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠራርጎ ዱቄት ሲነካ ግን ይረጋጋል።

የዘይቱ መጠን ደግሞ ከመጥበሻው ግማሽ በታች ይሁን። ሳምቡሳው ሲገባ ዘይቱ ከፍ ይላል፣ አረፋም ይሠራል። ዘይቱ ብዙ ጊዜ የተጠበሰበት ከሆነ አረፋው ይብሳል። ከጠርዝ አልፎ ከሰሉ ላይ ከፈሰሰ እሳቱ በዚያው ተከትሎ ይወጣል። ሳምቡሳውን ከላይ መወርወርም አያስፈልግም። ከመጥበሻው ጠርዝ ወደ ውስጥ፣ ከራስ ወደ ውጭ እያስተኙ መልቀቅ ነው። እየተጠበሰ እያለ መክደን አይመከርም፤ ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ላቦት ተመልሶ ዘይቱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ፍንጣሪው ካስቸገረ የብረት ወንፊት ይደፋበት። ወንፊት እንፋሎቱን ያሳልፋል፣ አብዛኛውን ፍንጣሪ ያስቀራል።

አሁን ወደ እሳቱ። ማፍጠሪያ ሊደርስ ሲል ነው እንበል። ሁለት ሊትር ያህል ዘይት ከሰል ላይ ተጥዷል። አንድ ዙር ሳምቡሳ ወጥቷል፣ ደንበኛ ተሰልፏል፣ ጠባሿ ሒሳብ ትቀበላለች። መጥበሻው ባዶ ስለሆነ ዘይቱን የሚያቀዘቅዝለት ነገር የለም። ከሰሉ ግን ማሞቁን አላቆመም። መጀመሪያ ስስ ጭስ ይታያል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ይህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። በዚህ ሰዓት ነበልባል ስለሌለ መጥበሻውን በጥንቃቄ ከከሰሉ ማውረድ ይቻላል። ማንም ካላየው ግን ዘይቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ይሄድና ክብሪት ሳይጫርበት ራሱ ይነዳል።

አንዴ ነበልባል ከታየ መጥበሻውን ማንሳት ክልክል ነው። ሰው ተሸክሞ ወደ ውጭ ሊሮጥ ይፈልጋል። ነበልባሉ ወደ ፊቱ ይመለሳል፣ እጁ ይቃጠላል፣ ይለቀዋል። ያን ጊዜ የሚነድ ዘይት መሬቱን ሁሉ ያዳርሳል። ውሃ ከተደፋ ደግሞ ከላይ ያየነው ነገር በአንድ ኩባያ ልክ ይሆናል። ውሃው ሰምጦ እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት አየር ላይ ይበትነዋል። እሳቱ ከሰው ቁመት በላይ ይነሳል፣ ከላይ የተወጠረውን ሸራ ይይዛል። ዱቄትም አይበተንበት፤ አየር ላይ የተበተነ ዱቄት ራሱ ይቀጣጠላል።

ክዳኑን እንደ ጋሻ ከፊት ይዞ፣ ከጎን በኩል መጥበሻው ላይ ማንሸራተት ነው። ከላይ መጣል ዘይቱን ያስረጫል። ክዳን ከሌለ ጠፍጣፋ የብረት ትሪ ይሠራል። ላስቲክ ይቀልጣል፣ መስታወት ሊፈነዳ ይችላል። አየር ሲያጣ ነበልባሉ ወዲያው ይጠፋል። ዋናው ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ «ጠፋ ይሆን?» ብሎ መክፈት። ዘይቱ አሁንም እንደጋለ ስለሆነ አየር ሲያገኝ እንደገና ይነዳል።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ማጥፊያው ይዘጋል፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይከፈት ይቆያል። መብራት በጠፋ ጊዜም ምድጃውን መዝጋት ግድ ነው፤ መብራቱ ሰው በሌለበት ሲመለስ የተጣደው ዘይት መጋሉን ይቀጥላል። ከሰል ግን ማጥፊያ የለውም። የምድጃው አየር ማስገቢያ በር ካለው፣ እጅ ሳያቃጥሉ መድረስ ከተቻለ መዝጋት ነው። ከዚያ ክዳኑ ከሰሉ አመድ ሆኖ መጥበሻው እስኪቀዘቅዝ አይነሳም። እሳቱ አስቀድሞ ሸራውን ወይም ጣራውን ከያዘ ማንም ሰው እዚያ አይቆይ። ሰው ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ፣ የእሳት አደጋ ይጠራ።

አንዳንዶች መፍትሔው እያንዳንዱ ጠባሽ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር እንዲገዛ ማስገደድ ነው ይላሉ። አልስማማም። ውኃ የሚረጨው ዓይነት ለዘይት አደጋ ነው። የዱቄቱም ቢሆን ከቅርብ በኃይል ሲለቀቅ ዘይቱን ከመጥበሻው ሊያስወጣው ይችላል፤ ዘይቱንም ስለማያቀዘቅዘው እሳቱ ሊመለስ ይችላል። የሳምቡሳ ገቢ ላላት እናት ደግሞ ዋጋው ቀላል አይደለም። ክዳን ግን ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ይሠራል። ከመጥበሻው አፍ ዙሪያውን ሦስት ጣት ያህል ይለፍ፣ ቀዳዳ አይኑረው፣ ጠፍጣፋ ይሁን። እጀታው ከመሃል ሳይሆን ከጠርዝ የወጣ፣ ክንድ የሚያህል ዘንግ ይሁን፤ እጅ ከነበልባሉ በላይ እንዳያልፍ።

ራቅ ያልነው ጀሪካን ሥራው እጅ ሲቃጠል ነው። ቀለበትና አምባር ወዲያው ይውለቅ፣ ዘይት የነካው ልብስ ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ ይውለቅ። ከዚያ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ቀስ እያለ ይፍሰስበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል አይቀባ፤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያቆያሉ፣ ቁስሉንም ለማየት ያስቸግራሉ። ቃጠሎው ፊት ላይ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም የተጎዳው ልጅ ከሆነ፣ ከውሃው በኋላ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።