አጎትየው ጨፈኑ፣ ሚዜዋ ዞረች

የሰርግ የቤተሰብ ፎቶ መምረጥ ቆሽቴን ያሳርረዋል። ሲያዩዋቸው ሁሉም አንድ ናቸው። አጉልቼ ፊት ለፊት እያለፍኩ ስሄድ ነው ጉዱ የሚወጣው። በአንደኛው አጎትየው ጨፍነዋል። በሌላኛው እሳቸው ደህና ናቸው፣ ሚዜዋ ወደ ጎን ዞራለች። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ግማሽ የተከደነ ዓይን ነው። በትንሹ ሲታይ ክፍት ይመስላል፤ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አጎትየው ሞቅ ያላቸው ይመስላሉ።

አውስትራሊያ ውስጥ ለዚህ ስሌት የሠሩ ሰዎች አሉ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ኢግ ኖቤል የሚባለውን፣ ለሚያስቁ ምርምሮች የሚሰጠውን ሽልማት ተሸልመውበታል። ሰዉ ከ20 በታች ከሆነና ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ ቁጥሩን ለ3 አካፍል፣ ያን ያህል ጊዜ አንሳ፣ ማንም ያልጨፈነበት አንድ ፎቶ አይጠፋም ይላል። ለ12 ሰው 4 ፎቶ መሆኑ ነው። ጎበዞች! ግን ስሌቱ የሚያውቀው መጨፈንን ብቻ ነው። ከኋላዬ ስልኩን ደግኖ «እዚህ! እዚህ እዩ!» የሚለውን ዘመድ ማን ያስላው? ግማሹ ቤተሰብ እሱን ነው የሚያየው።

«ታዲያ ከሌላው ፎቶ ቆርጠህ ለጥፍበት» ይሉኛል። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ከነበረና ሰዉ ካልተነቃነቀ፣ እሺ። በእጅ ከተነሳና አጎትየው ትከሻቸውን ካዞሩ ግን ጭንቅላቱ ከአንገቱ አይገጥምም፤ የነጠላው ጥለትም መሀል ላይ ይሰበራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙሽሮቹን፣ ቀጥሎ ወላጆቹን አያለሁ። የእነሱ ዓይን ከተከፈተ ያ ፎቶ አለፈ። ከዚያ አክስትየው ይደውላሉ፦ «ምነው የኔ ልጅ፣ እኔን ብቻ አስተኛኸኝ?»