ኧረ ዋጋውን እሰሩልኝ!

ኧረ አሁንስ በዛ! የባሕር ዳር ዓሣ አስጋሪዎችን ክፍያ በኤክሴል ሠርታችሁ ስትልኩልኝ የታችኛውን ረድፍ ጠቅ አድርጎ ማየት ይህን ያህል ይከብዳል? የቆሮሶ ዋጋ F1 ላይ 200 ብር ነው፣ የአምባዛው ከሥሩ F2 ላይ 150 ብር። የመጀመሪያው ረድፍ ቀመር ይህ ነው፦

```
=B2*F1
```

B2 ላይ 10 ኪሎ ቆሮሶ፣ 2000 ብር። ልክ ነው። ወደ ታች ሲጎተት ግን ሁለቱም አድራሻ አብሮ ወረደና `=B3*F2` ሆነ። ሁለተኛው አስጋሪ ያንኑ 10 ኪሎ ቆሮሶ አስረክቦ በአምባዛ ዋጋ 1500 ብር! ሦስተኛው ባዶ F3 ላይ አረፈና 0። ሌሊቱን ጣና ላይ ያደረ ሰው ዜሮ ይከፈለው? ዜሮውስ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ይታረማል። እኔን የሚያንጨረጭረኝ 1500ው ነው! የስህተት መልእክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ትክክለኛ ክፍያ መስሎ ያልፋል። ስንቱ ሰው እንዲህ ተቆርጦበት ሄዷል?

ቀመሩ ውስጥ F1 ላይ ሆኖ ከቁልፍ ሰሌዳው F4 ቁልፍን መጫን እኮ ነው፦

```
=B2*$F$1
```

አሁን ሲጎተት B ብቻ ይወርዳል፣ ዋጋው ከቦታው አይነቃነቅም። Ctrl እና ` አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ ቀመሩ ሁሉ ተዘርግቶ ይታያል። ይህን ሳታዩ ለምን ትልካላችሁ?