መሠረት የሠራ ሰው ቀለም ቀቢውን የሚጠብቀው ለምንድን ነው?

በንዑስ ተቋራጭነት የወሰድኩትን የመሠረት ሥራ ጨርሼ ከወጣሁ አሥራ አራት ወር ሆነኝ። በሠራሁት ላይ ስድስት ፎቅ ቆሟል። ከክፍያዬ የተያዘው ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ በዋናው ተቋራጭ እጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ስጠይቅ የሒሳብ ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሕንፃው መቼ አለቀና? የውስጥ ቀለሙ ገና ነው» አለኝ። ቀለሙና እኔ ምን አገናኘን?

ነገሩ እንዲህ ነው። በየጊዜው የሠራነው ሥራ ይለካል፣ መሐንዲሱ ልኬቱን ያጸድቃል፣ ከዚያ የክፍያ ሰርተፍኬት ይወጣል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ለጉድለት ማሳረሚያ የሚቆይ መያዣ፣ ማለትም ሪቴንሽን ይቀነሳል። የእኔ ውል 10 በመቶ ይላል። በመጀመሪያው ሰርተፍኬት የሠራሁት 3 ሚሊዮን ነበር፤ 300 ሺህ ተይዞ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ደረሰኝ። በሁለተኛውና በመጨረሻው ጠቅላላ ሥራዬ 4 ሚሊዮን ሆነ። የተያዘው 400 ሺህ ደረሰ፤ ቀድሞ የተከፈለኝ ሲቀነስ 900 ሺህ ተሰጠኝ። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ልክ ነው።

አሁን ትርፌን እዩልኝ። ዋጋ ስሰጥ የያዝኩት ትርፍ 8 በመቶ ነው፤ ይኸውም 320 ሺህ። ለብረት፣ ለሲሚንቶ፣ ለማሽን ኪራይና ለሠራተኛ ያወጣሁት 3 ሚሊዮን 680 ሺህ ነው። እጄ የገባው 3 ሚሊዮን 600 ሺህ! ትርፌ በሙሉ ተይዟል፤ በዚያ ላይ 80 ሺህ ከራሴ ኪስ አውጥቼ የሰው ሕንፃ እየገነባሁ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ 10 በመቶው ይቆይ አይባልም።

መያዣን አልቃወምም። ጉድለት ትቶ የሚጠፋ ተቋራጭ አለ፤ አሠሪው ማሳረሚያ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ግን የኮንክሪቴ ናሙና በ28ኛው ቀን ተጨምቆ የሚፈለገውን ጥንካሬ አሟልቷል፣ መሐንዲሱ ፈርሞ ተቀብሎኛል፣ አፈሩም ተመልሶበታል። ጉድለት ካለ ንገሩኝ፣ ነገ መጥቼ አርማለሁ። የለም ከተባለ ምኑ ነው የሚጠበቀው?

ጥፋቱ ያለው ውሉ ውስጥ በአንዲት ቃል ነው። «ሥራው ሲጠናቀቅ ግማሹ፣ የጉድለት ማረሚያ ጊዜው ሲያበቃ ቀሪው ይለቀቃል» ይላል። የማን ሥራ? እኔ የራሴን መስሎኝ ፈረምኩ፤ እነሱ የሚሉት ሕንፃውን ሙሉ ነው። የንዑስ ተቋራጭ ውል የምትፈርሙ ሰዎች፣ እባካችሁ «በዚህ ውል የተመለከተው የንዑስ ተቋራጩ ሥራ» ተብሎ ይጻፍላችሁ። የማረሚያው ጊዜም እናንተ ካስረከባችሁበት ቀን ይቆጠር።

እኔ ትናንት ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ በመያዣው ምትክ የባንክ ዋስትና ላቅርብና ገንዘቡ ይለቀቅልኝ ብዬ። ለዋስትናው ባንኩ ኮሚሽን ያስከፍለኛል፤ እሱንም እከፍላለሁ። የብረት ነጋዴው ከእንግዲህ በዱቤ አልሰጥህም ብሎኛል።