የየትኛዋ እናት ቡና?

ለንደን ያለው ዕድራችን ለእንቁጣጣሽ የልጆች ድግስ 200 በራሪ ወረቀት ሊያሳትም ሆነ። ፊቱ እንግሊዝኛ፣ ጀርባው አማርኛ። እኔ የአራሚነት ሹመት አገኘሁ፤ ሹመቱን የሰጠሁት ራሴ ብሆንም የተቃወመ ሰው አልነበረም።

ያልተቃወሙት በሽታዬን ስለሚያውቁ ነው። ባቡር ውስጥ ሌላው ሰው ስልኩን ሲያይ እኔ የጣቢያ ስሞች ላይ አፖስትሮፊ የሚሏትን የእንግሊዝኛ የባለቤትነት ጭረት ስፈልግ እውላለሁ። ኧርል'ስ ኮርት አለው። በፒካዲሊ መስመር አንድ ፌርማታ አልፎ ያለው ባሮንስ ኮርት የለውም። ኧርሉ ርስቱን በጊዜ አስመዝግቦ ባሮኖቹ ቀጠሮ ያለፈባቸው ይመስላል። በዚህ ደዌ የተያዝኩት ብቻዬን አይደለሁም፤ ጆን ሪቻርድስ የተባሉ ጡረተኛ ጋዜጠኛ በ2001 የአፖስትሮፊ ጠባቂ ማኅበር አቋቁመው ነበር። በ2019፣ በ96 ዓመታቸው፣ መሃይምነትና ስንፍና አሸነፉ ብለው ዘጉት። እኔ ግን ገና ጎልማሳ ነኝ።

ረቂቁን ያዘጋጁት ሊቀ መንበራችን ናቸው። ርእሱ ላይ ችልድረንስ' ፓርቲ ይላል። ችልድረን እኮ ኤስ ሳይነካው ብዙ የሆነ ቃል ነው። ጭረቷ ከኤስ በኋላ ስትቀመጥ ባለቤቶቹ ችልድረንሶች ናቸው ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ የልጆችዎች ድግስ እንደማለት። ባለቤቱን መጀመሪያ ሙሉውን ጽፎ ጭረቷን እዚያ ላይ ማሳረፍ፣ ኤስ የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚያ በኋላ መጨመር ነው። ችልድረን'ስ ብዬ አስተካከልኩ።

ቀጥሎ የምግቡ ዝርዝር መጣ፤ ሳምቡሳ'ስ ይላል። እዚህ አገር ይህን ስሕተት የአትክልት ነጋዴ አፖስትሮፊ ይሉታል፤ ገበያ ላይ ድንችም ሙዝም በዚህች ጭረት ተወግቶ ስለሚሸጥ ነው። ብዙ ቁጥር ጭረት አያስፈልገውም። ሳምቡሳ'ስ ሲባል አንባቢው የሳምቡሳው ምን እያለ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ነገር ሳይመጣ ዋጋው ይመጣል።

ዕድሩ አሥረኛ ዓመቱን ያከብራል የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ኢት'ስ ገብቷል። እዚህ ላይ ጭረቷ እንደ እኛ እዝባር ናት። ወ/ሮ ብለን ስንጽፍ እዝባሯ የተዋጡትን ፊደላት ቦታ እንደምትይዝ፣ ኢት'ስ ውስጥም የኢት ኢዝን አንድ ፊደል ውጣ ተቀምጣለች። ስለዚህ ተዘርግቶ ሲነበብ ዕድሩ ነው አሥረኛ ዓመት ያከብራል ይላል። ባለቤትነትን የሚያሳየው ኢትስ ጭረት የለውም። ለሊቀ መንበሩ ይህን ሳስረዳ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ በኋላ እንደገባኝ ትካዜ ነበር።

ጠቡ የመጣው በቡናው ነው። ማዘር'ስ ኮፊ ይላል ወረቀቱ። እኔ ከረቂቁ ቀና ብዬ፣ ይህ እኮ የአንዲት እናት ቡና ነው አልኩ። ይህን ከመናገሬ በፊት ሰባት ወይዘሮዎች በሰላም ተቀምጠው ነበር።

«የየትኛዋ እናት?» አለች አንዷ።

ሁሉም ወደ ሊቀ መንበሩ ባለቤት ዞሩ። ባለፈው ዓመት ረከቦቱን አምጥተው የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ስኒው ግን የሌላ ሰው ነበር፤ ቡናውን የቆላችው ደግሞ ሦስተኛዋ ናት። አማርኛችን «የ»ን ከፊት አስቀድሞ፣ የእናት ወይም የእናቶች ብሎ በጆሮ የሚለየው ነገር ነው። እንግሊዝኛው ግን ማዘር'ስም ማዘርስ'ም ሲነበብ ድምፁ አንድ ነው፤ ሰባቷ እናቶች ሊለዩ የሚችሉት በዓይን ብቻ ነው። ጭረቷን ከኤስ በኋላ አሻግሬ ሁሉንም የቡናው ባለቤት አደረግኳቸው። አንዷ ግን የሰረዝኩትን አሮጌ ረቂቅ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ።

ወረቀቱ ታተመ። የድግሱ ዕለት በር ላይ ቆሜ በኩራት አደልኩ። ልጅነታቸውን በቆሎ ተማሪነት ያሳለፉ አንድ አባት ተቀበሉኝና የእንግሊዝኛውን ፊት ሳያዩት ገለበጡት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ልጄ፣ አዲስ አመት ያልከው በአልፋው አ ነው። ዐይኑን ዓ የት ጣልከው?»

200ውም ላይ እንደዚያው ነበር። ፈጠን ብዬ፣ ዛሬ በአማርኛ ሁለቱም ድምፃቸው አንድ ነው፣ ማንም አይለያቸውም አልኳቸው።

ወረቀቱን ወደ እንግሊዝኛው ፊት መለሱና የማዘርስ'ን ጭረት በጣታቸው ነኩ።

«እቺስ ትሰማለች?»