ማስተካከያ፦ የአዮን ሞተር ብልጫው ጉልበቱ አይደለም

«የአዮን ሞተር ከኬሚካል ሮኬት 10 እጥፍ ጉልበት ስላለው ወደፊት መንኮራኩር ከመሬት የሚያስነሳው እሱ ነው።»

ይህ ጽሑፍ ሰሞኑን በሐዋሳ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፖች በብዛት ተጋርቷል። 10 እጥፍ ገደማ የሚባለው ግን የነዳጅ ቁጠባው ነው። ጉልበቱማ እጅግ ትንሽ ነው። የሚከተሉት ቁጥሮች ናሳ በአዮን ሞተር ስለተጓዘችው ዶውን መንኮራኩር ካወጣቸው ሰነዶች የተወሰዱ ናቸው።

የዶውን ሞተር ከፍተኛ ግፊት 0.09 ኒውተን ገደማ ነው። ሁለት የኤ4 ወረቀት መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ያ ክብደት ነው። መንኮራኩሯ ደግሞ 1,200 ኪሎ ትመዝናለች። ስለዚህ ከዜሮ ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመድረስ አራት ቀን ይፈጅባታል። ግን ሞተሩ አያርፍም፤ ለወራት ይገፋል። ለነዳጅነት ዜኖን የተባለ ጋዝ 425 ኪሎ ይዛ ፍጥነቷን በጠቅላላው በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ቀይራለች። በማርስና በጁፒተር መካከል ያሉትን ቬስታንና ሴሬስን የተባሉ የጠፈር አካላት የዞረችው በዚሁ ነው።

ምስጢሩ ዜኖኑ በኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መወርወሩ ነው። የኬሚካል ሮኬት ጋዝ ከ3 እስከ 4.5 ቢደርስ ነው። ጉልበቱን የሚያሳንሰውም ይኸው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለእያንዳንዱ ግራም የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ የፀሐይ ሰሌዳው የሚሰጠው ደግሞ ውስን ነው። ስለዚህ በአንዴ የሚወጣው ዜኖን ጥቂት ነው።

ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ፖስተር ላይ ዓረፍተ ነገሩን የገለበጣችሁ «ጉልበት» የሚለውን «የነዳጅ ቁጠባ» በሚል ተኩት፤ ከመሬት ስለመነሳት የሚለውን ደግሞ አውጡት። ዶውንን ራሷን እ.ኤ.አ. በ2007 ያስወነጨፋት ዴልታ 2 የተባለ የኬሚካል ሮኬት ነው።