አንድ ከተማ፣ ብዙ ከፍታ

«አዲስ አበባ አንዱ ጋ 2,355 ሜትር፣ ሌላው ጋ 2,400 ይላል። የቱን ልመን?»

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዋናው የተለካበት ቦታ ነው። ከተማዋ ተዳፋት ናት። አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ ሲሆን እንጦጦ አናት ከ3,000 በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ወደ 6 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። እንጦጦ ጋቢ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው! ሌሊት ግን ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ለንጽጽር የአየር ማረፊያውን ከፍታ ውሰድ። በባለሙያ የተለካ ነው፤ ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። ለሰፈርህ ግን የከፍታ መስመር ያለው ካርታ ይሻላል። የስልክ ባሮሜትር በአየር ግፊት ስለሚሠራ፣ ከቦታህ ሳትነቃነቅ ቁጥሩ ጠዋትና ማታ ይለዋወጥብሃል።