60 ሰከንድ ውስጥ ወንጌል ሲነበብ ምን ይቀነስ?

«ንባቡን ሙሉ ካነበብኩ ለማብራሪያው ሰዓት አይተርፈኝም። ማብራሪያውን ከተናገርኩ ደግሞ ንባቡ ይቆረጣል። የቱን ልቀንስ?» ጥያቄው በደብረ ብርሃን ሰንበት ትምህርት ቤት ለቲክቶክ ቪዲዮ የምትሠራ ወጣት ነው።

ሁለቱንም አትቀንሺ። ከመጀመሪያው አጭር ንባብ ምረጪ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። የዕለቱን ወንጌል እንዳለ እንይዝና ከዚያ ጥድፊያ ነው፣ አልሆን ሲል ደግሞ በኤዲቲንግ ድምፁን እናፈጥነዋለን፣ በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ትንፋሽ ሳይቀር ቆርጠን እናወጣለን። የሚወጣው ነገር የጨረታ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው።

ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው በደቂቃ 90 ቃል አካባቢ ነው የሚያነበው። አንቺ ልትለዪ ስለምትችይ ስልክሽ ላይ ሰዓት ይዘሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ። በልብ ማንበብ ያታልላል፣ ሁልጊዜ ያጥራል። ከ90ው ቃል ለንባቡ ከ25 እስከ 30 ስጪው።

በምሳሌ ልሂድ። ሉቃስ ምዕራፍ 15፣ የጠፋው በግ። ታሪኩ እስከ ቁጥር 7 ይሄዳል፣ እኛ ግን ቁጥር 4ንና 5ን ብቻ እንውሰድ። 24 ቃል ነው፦

«መቶ በግ ያለው ከእነርሱም አንዱ ቢጠፋ፥ ዘጠና ዘጠኙን በበረሃ ትቶ የጠፋውን እስኪያገኘው ድረስ ሊፈልገው የማይሄድ ከእናንተ ማን ነው? ባገኘውም ጊዜ ደስ ብሎት በጫንቃው ይሸከመዋል።»

ሐሳቡ ሙሉ ነው። በጉ ጠፋ፣ ተፈለገ፣ ተገኘ። አሁን ማብራሪያው። አባቶች ይህን ሲተረጉሙ ዘጠና ዘጠኙን መላእክት፣ አንዱን አዳም ይሉታል። ትልቅ ትርጓሜ ነው፤ ግን የነገደ መላእክትን ነገር ለማያውቅ ተመልካች መጀመሪያ እሱን ማስረዳት ይጠይቃል፣ በእሱ ብቻ ደቂቃው ያልቃል። ስለዚህ ለሌላ ቀን ይቆይ። ከንባቡ አንድ ቃል ብቻ እንያዝ፦ ጫንቃ።

ስክሪፕቱ እንዲህ ይሆናል። መክፈቻ፦ «የጠፋ በግ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠብቀው ዱላ ነው?» ከዚያ ንባቡ። ከዚያ ሁለት ሰከንድ ዝም። ቀጥሎ፦ «መንዝ በግ የጠበቀ ያውቃል። ከመንጋው የቀረ በግ ይደነግጣል፣ ዱላ ስታሳየው ይብስበታል። እዚህ እረኛው አልመታውም፣ ለምን ጠፋህ አላለውም፣ ተሸከመው። ወደ እግዚአብሔር ለመመለስ ስታስብ መጀመሪያ የሚታይህ ቁጣ ከሆነ፣ ጫንቃውን አስብ።» መዝጊያው ከንባቡ ይምጣ፦ «በጫንቃው ይሸከመዋል»።

በድምሩ 61 ቃል። ከነዝምታው 50 ሰከንድ ቢፈጅ ነው። የቀረውን አትሙዪው፣ ለትንፋሽ ተዪው።

አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም፣ «በስመ አብ»። ሙሉውን በእርጋታ ማለት ስድስት ሰባት ሰከንድ ይወስዳል፣ አጣድፎ ማለት ደግሞ ነውር ነው። እኔ የምለው፣ ካሜራው ሳይበራ አማትቢና በይው፣ በቪዲዮው ላይ በጽሑፍ ይታይ። ይህን የማይቀበሉ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ። «ሰላም ውድ ተከታታዮቻችን እንዴት ከረማችሁ» ግን ያለ ክርክር ይውጣ። ሰው ጣቱ ስልኩ ላይ ነው፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ያልፍሻል።

ጽሑፍ ካነሳን፣ የስክሪኑን ታች መግለጫው ይሸፍነዋል፣ ቀኝ ጎኑን ደግሞ የላይክና የኮሜንት ምልክቶቹ። ስለዚህ ንባቡን መሐል ላይ፣ በአንድ ጊዜ አራት አምስት ቃል ብቻ አድርጊው። ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው። «ሉቃስ 15፥4-5» የሚለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላይኛው ክፍል ላይ ይቆይ፣ በአፍ መናገር አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ውጭ የምትቀርጪ ከሆነ የጣርማ በርን ነፋስ ተጠንቀቂ፣ እይታው ያምራል፣ ድምፁ ግን ከንቱ ይሆናል።

ንባብ ማሳጠር ግን ወሰን አለው። ማቴዎስ 5፥43ን ተመልከቺ፦ «ባልንጀራህን ውደድ ጠላትህንም ጥላ እንደ ተባለ ሰምታችኋል»። ቪዲዮው እዚህ ላይ ቢቆም ወንጌሉ ከሚለው ተቃራኒውን አስተማርሽ ማለት ነው፤ «እኔ ግን እላችኋለሁ» የሚለው ቁጥር 44 ላይ ነው የሚመጣው። ንባብሽን ከመረጥሽ በኋላ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ቁጥር አንብቢ። «ግን» ወይም «ስለዚህ» የሚል ካገኘሽ መቁረጫሽ ትክክል ላይሆን ይችላል። ያኔ ወይ ቁጥሩን ጨምረሽ ከማብራሪያው ትቀንሻለሽ፣ ወይ ንባቡን ትቀይሪያለሽ። ደቂቃ ውስጥ የማይገባ ንባብም አለ፣ እሱ ለጉባኤው ይቅር።